ከሐዋሳ የተላከው ቡችላ፦ ዝርያው፣ ዕድሜውና የድዱ መልክ

ጥያቄ፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት አሞራ ገደል አካባቢ ከሚኖር ሰው ቡችላ ገዛሁ። ሻጩ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ ገና ሁለት ወሩ ነው ብሎኛል። ሦስት ፎቶ ልኬያለሁ። ይዤው ሚዛን ላይ ስወጣ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እንጀራና ወተት ይበላል፤ ሆዱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ጸባዩ ዝምተኛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ልጆቼ በጣም ወደውታል። በእርግጥ ክልስ ነው? ዕድሜውስ ስንት ይሆናል? በፎቶ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል?»

ምላሽ፦

በመጨረሻ የጠየቁትን አስቀድማለሁ፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። ቡችላው ጤነኛ አይመስልም። ሦስቱን ፎቶዎች አንድ ላይ ሳያቸው የሚነግሩኝ ደም ማነስ እንዳለበት ነው፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ዝርያውን በተመለከተ ያለኝ መልስ ከሚጠብቁት ያነሰ ነው፤ ዕድሜውን በተመለከተ ያለኝ ግን ሻጩ ከነገረዎት በብዙ የተለየ ነው፤ የጤናውንም ነገር ግልጽ ያደረገልኝ ይኸው ዕድሜው ነው።

ከሁለተኛው ፎቶ ልጀምር። በዚህ ፎቶ ላይ አውራ ጣትዎ የቡችላውን የላይኛውን ከንፈር ገልጦ ይዟል፤ ጥርሱና ድዱ በቅርበት ይታያሉ። የጤነኛ ቡችላ ድድ እንደ ራስዎ የውስጥ ከንፈር ሮዝ መሆን አለበት። የዚህኛው ድድ ግን ወደ ነጭ ያደላል፤ ከጥርሱ ጋር ያለው የቀለም ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ፎቶ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት ወዲያው አላመንኩትም። ፍላሽ ሲበራ ማንኛውም እርጥብ ድድ ይነጣል፤ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ድድ ደግሞ የጉበት ሕመም ያለበት እስኪመስል ድረስ ቢጫ ይሆናል። ይህን ፎቶ እንዳምነው ያደረገኝ የእርስዎ ጣት ነው። ጣትዎ በዚያው ብርሃን፣ ከድዱ አንድ ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተነሥቶ የተፈጥሮ ቀለሙን እንደያዘ ነው፤ የጥፍርዎ ሥር ሮዝነቱ ሳይቀር በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ድዱን ያነጣው ብርሃኑ አይደለም ማለት ነው።

ከዓመታት በፊት በምሽት የተነሳ የአንድ ውሻ ፎቶ ተልኮልኝ፣ ድዱ ደህና ነው ብዬ መልስ ሰጥቼ ነበር። የስልኩ ካሜራ ቀለሙን በራሱ አሙቆ አቅልቶት ኖሮ ውሻው በማግስቱ ክሊኒክ ሲደርስ ድዱ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከድዱ አጠገብ ማነጻጸሪያ የሌለውን ፎቶ አይቼ «ደህና ነው» አልልም። ለወደፊቱም ፎቶ ሲያነሱ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ወይም በረንዳ ላይ፣ ያለ ፍላሽ ይሁን፤ ከአፉ አጠገብ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ይያዙ። በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ተጨምቆ ጥርት ያለው ዝርዝር ይጠፋል። አንዳንድ ውሾች ድዳቸው በተፈጥሮ ጥቁር ስለሆነ በድዳቸው መለየት አይቻልም፤ ለእነሱ የታችኛውን የዓይን ቆብ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ስቦ ውስጡን ማየት ይሻላል።

አሁን ወደ ዕድሜው። ሰው የቡችላን ዕድሜ የሚገምተው በቁመቱ ነው፤ ሻጩም እውነቱን ያወቀ ሳይሆን በቁመቱ የገመተ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው እስከ ሰባት ወር ድረስ ግን ከቁመት ይልቅ ጥርስ ይታመናል። የቡችላ የወተት ጥርስ በሁለት ወሩ ሁሉም ወጥቶ ያልቃል፤ ትንንሽ፣ ቀጭንና እንደ መርፌ የሾለ ነው። ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ የፊት ጥርሶቹ መለወጥ ይጀምራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወጡት መካከለኞቹ ሁለቱ ናቸው። ክራንቻዎቹ የሚለወጡት ከ5 ወር በኋላ ሲሆን በ7 ወር ገደማ 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ይሟላሉ። በላኩት ፎቶ ላይ ከላይ ያሉት ሁለቱ መካከለኛ ጥርሶች ከጎናቸው ካሉት በግልጽ ሰፍተዋል፤ ጫፋቸውም መሐሉ ጎላ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያለ ባለ ሦስት እብጠት ቅርጽ አለው። ይህ አዲስ የወጣ ቋሚ ጥርስ መለያ ነው፤ የወተት ጥርስ እንዲህ አይሰፋም። ክራንቻው ግን ገና ቀጭኑ የወተት ክራንቻ ነው። ስለዚህ ይህ ቡችላ ሁለት ወር አልፎታል፤ አራት ወር ገደማ ነው፣ ከአምስት ወር አይበልጥም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ቡችላ ጥርሱ በጥቂት ሳምንታት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ግምቴ ከተሳሳተ እንኳ የሚሳሳተው ዕድሜውን በማሳነስ ነው።

ይህ ከክብደቱ ጋር ሲገናኝ ነገሩ ይለወጣል። መካከለኛ ቁመት ያለው ውሻ በአራት ወሩ ሲያድግ የሚኖረውን ክብደት ግማሽ ገደማ ይመዝናል። ሲያድግ 15 ኪሎ የሚሆን ተራ የአገራችን ውሻ እንኳ በዚህ ዕድሜው 7 ኪሎ ያህል መሆን ነበረበት፤ የጀርመን ሼፐርድ ደም በብዛት ያለው ቢሆን ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ እንጠብቅ ነበር። 3 ኪሎ ለሁለት ወር ቡችላ ምንም የማያሳስብ ክብደት ነው፤ ለአራት ወር ቡችላ ግን ከሚገባው ግማሽ በታች ነው። «ገና ትንሽ ነው» የሚለው እምነት ሕመሙን የሸፈነው በዚህ መንገድ ነው። ዝምታውንም እንዲሁ። የአራት ወር ቡችላ በቀን ብዙ ሰዓት ይተኛል፤ ሲነቃ ግን ጫማ ይጎትታል፣ የቀሚስ ጠርዝ ይነክሳል፣ ልጅ ያባርራል። ነቅቶም ዝም የሚል ቡችላ ጸባዩ ዝምተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ደሙ አቅም አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ፎቶ፣ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ ከጎን የተነሣው፣ ይህን ያጠናክረዋል። ሆዱ ተነፍቶ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ከላይ ግን የጀርባ አጥንቱ መስመርና የዳሌው ጫፍ በጸጉሩ ሥር ጎልተው ይታያሉ። በምግብ የጠገበ ቡችላ ሆዱ የሚሞላው ከበላ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ጀርባውም ሥጋ አለው። ጀርባው ከስቶ ሆዱ ሁልጊዜ ከተነፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአንጀት ትል ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ደግሞ ከሁለቱም ዓይኖቹ ውስጠኛ ማዕዘን ሦስተኛው የዓይን ሽፋን፣ ያ ስስ ነጣ ያለ ቆዳ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል። በአንድ ዓይን ብቻ ቢሆን ጉዳት ነው ባልኩ፤ በሁለቱም ሲሆን ግን መክሳትን፣ የውሃ መሟጠጥን ወይም አጠቃላይ ሕመምን ያመለክታል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ለሚለው ፎቶው እዚህ ላይ ያቆማል። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለን ቡችላ ደም ከሚያሳጡት ነገሮች በግንባር ቀደም የምጠረጥረው ሁክዎርም የሚባለውን ደም መጣጭ የአንጀት ትል ነው። ይህ ትል ከእናቱ ወተት ጋር ስለሚተላለፍ ቡችላው ከግቢ ሳይወጣም ሊይዘው ይችላል፤ የትሉ እጭም ሙቀትና እርጥበት ባለው፣ ጥላ ባረፈበት ልል አፈር ውስጥ ይመቸዋል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ግቢዎች ደግሞ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሆዱን የሚነፋው በአብዛኛው ሌላው ትል፣ ወስፋቱ ነው፤ ሁለቱ አንድ ቡችላ ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ብዙ ቁንጫ ብቻውን 3 ኪሎ የሚመዝን ቡችላን ደም ሊያሳጣ ይችላል። መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም በሽታዎችም አሉ፤ እነዚህ በትል መድኃኒት አይድኑም። እንጀራና ወተት ብቻ መመገቡ ደግሞ የሚያጣውን ደም እንዳይተካ ያደርገዋል፤ ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የዓይነ ምድርና የደም ምርመራ ነው፤ ማንም ሰው ፎቶ አይቶ ቢነግርዎት አይመኑት።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚገባው ጥቂት ነው። ቡችላውን ነጭ ጨርቅ ላይ አቁመው ጀርባውን በጣትዎ ደጋግመው ያበጥሩት፤ ጥቋቁር ብናኝ ከወደቀ ጨርቁን ውሃ ያስነኩት። ብናኙ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ፣ ማለትም የተፈጨ የቡችላው ደም ነው፤ ካልቀላ አፈር ነው። ከዚያም ተኝቶ ሳለ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ይቁጠሩ። ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም መቆም ካቃተው፣ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ እስከ ነገ አይጠብቁ። ካልሆነ ግን ሞቅ ባለ ቦታ ያስተኙት፣ ንጹሕ ውሃ ያቅርቡለት፣ ከወተቱ ይልቅ የተቀቀለ እንቁላልና ትንሽ በደንብ የበሰለ ጉበት በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት። ጠዋት የጣለውን ትኩስ ዓይነ ምድር በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ከእሱ ጋር ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የትሉን እንቁላል በማይክሮስኮፕ የሚያየው ከዚያ ላይ ነው።

ሊያደርጉት የማይገባውን ደግሞ አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ እንደዚህ ያሉ ቡችሎች ከሕመሙ ይልቅ በተሳሳተ መድኃኒት ሲሞቱ አይቻለሁ። ለበግና ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን አይስጡት፤ ለትልቅ እንስሳ የተዘጋጀ ስለሆነ ለ3 ኪሎ ቡችላ ጠብታ ቢበልጥ እንኳ ሊያሳውረው፣ ሊያንገዳግደውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። በነገራችን ላይ ይህን መድኃኒት መቋቋም የማያስችል የዘር ጉድለት ከሚገኝባቸው ዝርያዎች አንዱ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ትክክል ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖንም አያጥቡበት፤ ደም ያነሰው ቡችላ መርዙን አይችለውም። ከቤት የተረፈ የሰው አልቤንዳዞልም አይሁን፤ በውሻ ላይ የአጥንት መቅኔው ደም ማምረቱን ሊያዳክም ይችላል፤ ይህ ቡችላ ደግሞ አሁን የሚያስፈልገው በትክክል ይህ ሥራ ነው። ለእንዲህ ያለ ደካማ ቡችላ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት እንደ ፓይራንቴል ያለውን የዋህ መድኃኒት በኪሎው ልክ መዝነው ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ ተደብቀው የቀሩት እጮች በኋላ ወደ አንጀት ስለሚመጡም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዳነ ብሎ መተው በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። ደሙ በጣም ከወረደ ደግሞ መድኃኒት ብቻውን አይደርስለትም፤ ያንን የሚወስነው የደም ምርመራው ነው።

ስለ ልጆችዎ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የትሎቹ ነገር ነው። የወስፋቱ እንቁላል ቡችላው እንደጣለው ወዲያው ሰውን አይዝም፤ አፈር ላይ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ገደማ መቆየት ይፈልጋል። የሁክዎርሙ እጭ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ደርሶ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ዓይነ ምድሩን አንሥቶ መቅበርና ልጆቹ በዚያ ቦታ ያለ ጫማ እንዳይሄዱ ማድረግ ብዙውን አደጋ ያስቀራል፤ ከነኩት በኋላም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ቡችላውን ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ስለዚህ በሽታ ፎቶ ምንም አይናገርም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል፤ ስለዚህ ደህና መምሰሉ ነጻ መሆኑን አያረጋግጥም። የዕድሜው ስሕተት የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ በተለምዶ በሦስት ወር ስለሚሰጥ፣ ሁለት ወር ነው ብለው ቢያምኑ ገና አንድ ወር ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ግን ጊዜው አልፎበታል። ነገ ለሐኪሙ ዕድሜውን በጥርሱ እንዲያየው ይንገሩት፤ ክትባቱ አሁን ይሰጥ ወይስ ደሙ ትንሽ ይመለስ የሚለውን እሱ ይወስናል፤ ፓርቮ የሚባለውን የተቅማጥ በሽታ ክትባትና ሌሎቹንም እንዲሁ። እስከዚያው ልጅ ከነከሰ ወይም ክፍት ቁስል ከላሰ፣ የወተት ጥርስ ነው ብለው አይናቁት። ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡትና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ዝርያውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሦስቱ ጥያቄዎች ፎቶ ትንሹን መልስ የሚሰጥበት ስለሆነ ነው። ሻጩ ክልስ ነው ያለው በቀለሙ ይመስለኛል፤ ጀርባው ጥቁር ነው፣ ከዓይኖቹ በላይ፣ ደረቱ ላይና እግሮቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። ይህ ቀለም ግን የጀርመን ሼፐርድ ንብረት አይደለም። ሮትዋይለርም ዶበርማንም አለው፤ የመንደር ውሾቻችንም ከጥንት ጀምሮ አላቸው። እንዲያውም ቀለሙ እንዲወጣ ቡችላው በአብዛኛው ከእናቱም ከአባቱም መውረስ አለበት፤ እናቱ የሰፈር ውሻ ከሆነች እርሷም ይዛው ነበር ማለት ነው፤ ታዲያ አባቱ ላይ ስለምን ሼፐርድ እንጨምራለን? ጆሮውም አይፈርድም። የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ጥርስ ሲለውጥ ደግሞ የቆመውም ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል፤ የአገራችን ውሾችም ብዙዎቹ ቀጥ ያለ ወይም ግማሹ የታጠፈ ጆሮ አላቸው። «መዳፉ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ውሻ ይሆናል» የሚለውም ለእርሱ አይሠራም፤ ስልኩ ከፊቱ በጣም ቀርቦ ስለተነሣ ለካሜራው የቀረበው ጭንቅላትና መዳፍ ገዝፏል፤ እግሩ ሲከሳ ደግሞ መዳፉ የባሰ ትልቅ ይመስላል።

የመንደር ውሻ የብዙ ፈረንጅ ዝርያዎች ድብልቅ ነው የሚለውም አስተሳሰብ መታረም አለበት። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከግብፅ፣ ከኡጋንዳና ከናሚቢያ የተወሰዱ የመንደር ውሾችን ጂን ሲመረምር፣ በአብዛኞቹ ቦታዎች ውሾቹ ከውጭ ዝርያ የተዳቀሉ ሳይሆኑ የራሳቸው አገር በቀል ዘር ያላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ይህ ቡችላ «ምን ከምን ተዳቅሎ ነው» ለሚለው መልሱ «ከምንም» ሊሆን ይችላል፤ ይህም ጉድለት አይደለም። የእኔ ግምት ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአገራችን ውሻ ነው የሚል ነው፤ ከአያቶቹ አንዱ ሼፐርድ ቢሆን ግን ይህ ፎቶ አይክደውም። እውነተኛ መረጃ ከፈለጉ ሻጩን እናቱን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ እናቱን ከማየት የሚበልጥ ፎቶ የለም። ውጭ አገር ተልኮ ለሚደረግ የጂን ምርመራ ግን ገንዘብ አያውጡ፤ ያው ገንዘብ ለደም ምርመራው፣ ለትል መድኃኒቱና ለክትባቱ ይዋል።

ሕክምናው ከተጀመረ በ14ኛው ቀን፣ ያንኑ ከንፈር ገልጠው፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ ነጩን ወረቀት አጠገቡ ይዘው አንድ ፎቶ ያንሱና ከአሁኑ ጎን ያስቀምጡት። ድዱ ወደ ሮዝ ካላደላ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ የጠረጠርነው ትል ብቻውን አይደለም ማለት ነውና፣ የመዥገሮቹ የደም በሽታዎች እንዲመረመሩለት ሁለቱንም ፎቶዎች ለሐኪሙ ያሳዩ።